ሳነብ የዘለልኳት ቃል

ያን እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ በቤታችን የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። እናቴ በሩ አጠገብ ዱካዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን ገና አላወለቀችም። አባቴ መደቡ ላይ ነው። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከጎኑ ናት፤ ጆሮዋ ስለደከመ ሁልጊዜ ወደሚናገረው ሰው ትጠጋለች። አራተኛዋ ከሺንሺቾ የመጣች እንግዳ ናት። እህቴ በዮርዳኖስ በምትሠራበት ሕንፃ ውስጥ፣ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ ሌላ ቤት የምትሠራ የከምባታ ልጅ ናት፤ ለእረፍት መጥታ የእህቴን ደብዳቤ በእጇ ይዛልን መጣች። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ደብዳቤው እጄ ላይ ነው።

እንግዳዋ ሀዲይኛ ስለማትችል፣ እኛም ከምባትኛ ስለማንችል፣ ያን ቀን ሁላችንም በአማርኛ ነበር የምናወራው። ይህን የምጽፈው ለነገሩ ስለሚያስፈልግ ነው።

ቤታችን ሌሞ ውስጥ ነው፤ ከሆሳዕና በጋሪ አርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። እኔ ከተማ ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት እገባለሁ፣ ሰኞ ጠዋት እመለሳለሁ። እህቴ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ልትሄድ ስትነሳ እናቴ አጥብቃ ተቃውማ ነበር። የአረብ አገር ስም ሲነሳ ከቤት ትወጣ ነበር። እህቴ አንድ ቀን የቤት አያያዝ ሥልጠናዋን ጨርሳ፣ ፈተናውን አልፋ ወረቀቷን ይዛ መጣችና፣ «የደረሰኝ ዮርዳኖስ ነው» አለች።

እናቴ ገብስ መፈተጓን አቆመች። «ጌታ የተጠመቀበት?»

«እሱ ራሱ።»

«እንደዚያማ ከሆነ» አለችና መፈተጓን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ አልተቃወመችም። በጸሎት ቤት ለሚጠይቋት ሁሉ፣ «ልጄ ዮርዳኖስ ናት» ስትል አንገቷ ቀና ይላል። ወንጌላዊው ሳይቀር አንድ ጊዜ፣ «ውኃውን በምን ዓይነት ዕቃ ብታመጣልን ይሻላል?» ብሎ ጠይቋታል። በመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ሁሉ እናቴ ስለ ወንዙ ትጠይቅ ነበር። ሰፊ ነው? ጠዋት ጠዋት ይታይሻል? እህቴ ለአራት ወር ሳትመልስ ቆይታ በአምስተኛው፣ «ወንዙ ከእኛ በመኪና አንድ ሰዓት ነው ይላሉ። እኔ ግን ከመጣሁ ወዲህ ያየሁት ቆሻሻ የምጥልበትን በርና ልብስ የማሰጣበትን ጣራ ነው» ብላ ጻፈች። እናቴ ይህን ለጸሎት ቤት አልተናገረችም።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ እንደምንጻጻፍ የሚጠይቁኝ አሉ። በስልክ ሞክረነዋል። ሰፈራችን ኔትወርክ የሚገኘው ጸሎት ቤቱ ያለበት ጉብታ ላይ ብቻ ነው። እናቴ እዚያ ወጥታ ስልኩን ስትይዝ፣ «ደህና ነሽ? ደህና ነሽ? እውነት ደህና ነሽ?» ትላለች፤ ከወዲያ ለቅሶ ይመጣል፣ ከወዲህም ለቅሶ ይመለሳል፤ ያልቃል። ሦስት ጊዜ ከሞከርን በኋላ እናቴ ራሷ፣ «ትጻፍልኝ። የተጻፈ ነገር አያለቅስም» አለች።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። እህቴ የምትጠብቃቸው አሮጊት ከምሳ በኋላ ሲተኙ በእጇ ትጽፋለች፤ ገጾቹን በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። እኔ ሥራ ቦታ አትሜ፣ ጥቁር የወጣበት ካለ ብርሃኑን አስተካክዬ እንደገና አትሜ፣ ቅዳሜ ይዤ እገባለሁ። እናቴ ማንበብ አትችልም። ግን ወረቀቱን ከእኔ በፊት ትቀበልና መስመሮቹን በጣቷ ትከተላለች። የልጄ እጅ የጻፈው መሆኑን ጣቴ ያውቃል ትላለች፤ የታተመ ቀለም መሆኑን ነግሬያታለሁ፣ ግድ የላትም። ከዚያ እኔ አማርኛውን በሀዲይኛ እያደረግሁ አነብላታለሁ። እሑድ ከሰዓት መልሱን በሀዲይኛ ትነግረኛለች፤ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። እኔም እህቴም ደብዳቤ መጻፍ የተማርነው በአማርኛ ነው፤ በቤታችን ቋንቋ ደብዳቤ ጽፈን አናውቅም።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ማስቀመጥ አለብኝ። እኔ ጽሑፍ ሲበላሽ አልወድም። ማመልከቻ ሊያስጽፉ የሚመጡ ሰዎች የሚሉትን ሰምቼ፣ ትርፍ ትርፉን አውጥቼ፣ ቅርጽ አስይዤ መስጠት ሥራዬ ነው። እናቴ፣ «ጥቁሯ ላም ትናንት ከመስክ ስትመለስ አንቺ የምትቆሚበት ቦታ ላይ ቆማ አልገባም አለች፤ በአለንጋ ነው ያስገባኋት፣ ከዚያ ደግሞ አዘንኩላት» ስትለኝ፣ እኔ «ከብቶቹ ሁሉ ደህና ናቸው» ብዬ እጽፋለሁ። «አባትሽ ጥርሱን አመመውና ሦስት ቀን እንደ ተቀየመ ሰው ሳያናግረኝ ከረመ» ስትል፣ «አባታችን ትንሽ አሟቸው ነበር፣ አሁን ተሽሏቸዋል» እላለሁ። ደብዳቤ እንደዚህ መሆን ያለበት ይመስለኝ ነበር። እህቴም በበኩሏ፣ «ውድ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብላ ትጀምራለች፤ በትምህርት ቤት እንደተማርነው።

የመጀመሪያው ዓመት ደብዳቤዎች አራት አራት ገጽ ነበሩ። ዶሮዋ ስንት ፈለፈለች፣ የላይኛው ማሳ ገብስ ወይስ ስንዴ ተዘራበት፣ የጓሮው እንሰት ስንተኛው ረድፍ ደረሰ፣ ሁሉን ትጠይቃለች። በሁለተኛው ዓመት ሦስት ገጽ ሆኑ፣ ከዚያ ሁለት። የእኛ ነገር እየቀነሰ የዚያ ቤት ነገር በዛ። አሮጊቷ ዛሬ እርጎ በላች። አሮጊቷ መስኮቱ ይከፈት አለች። አሮጊቷ የሞተውን ባሏን ስትፈልግ ክፍል ለክፍል ዞርን። እናቴ ለእህቴ ሠርግ ብላ ለይታ ያቆየችው አንድ እንሰት ነበር፤ ቅጠሉ ከቤቱ ክዳን ያልፋል። በየደብዳቤው፣ «ያንቺው እየወፈረልሽ ነው» ብላ ታስጽፈኛለች። አንድ ጊዜ እህቴ፣ «እናቴ ስለ እንሰቱ ጽፈሽልኛል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አላስታወስኩም» ብላ መለሰች። ያንን ስነግራት እናቴ ተነስታ ሄዳ እንጨት አመጣች። እንጨት አላለቀብንም ነበር።

ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ነው ያቺ ቃል የመጣችው። እህቴ እንዲህ ጽፋ ነበር፦ «እናቴ፣ አሮጊቷ ስሜን መያዝ አቅቷታል፤ እኔም የእሷን ስም ብጠራ አትሰማም። አንድ ቀን ስታለቅስ ጨንቆኝ ሳላስበው አማ አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ወዲህ የምትሰማው አማ ስላት ብቻ ነው።»

አማ በሀዲይኛ እናት ማለት ነው። እኛ ልጆቿ እናታችንን የምንጠራው እንደዚያ ነው። በአገራችን ትልቅ ሴትን ሁሉ እማማ እንላለን፣ ማንም አይቀየምም። አማ ግን የቤት ነው፤ ከምድጃው አጠገብ የሚባል ነው። እናቴ ፊቴን እያየች ትጠብቃለች። እኔም፣ «አሮጊቷ ስሟን አትሰማም፤ በሌላ ስትጠራት ትሰማለች ትላለች» ብዬ አለፍኩ።

«በምን ትጠራታለች?»

«በአገራቸው ቋንቋ ነው።»

በሕይወቴ ሳነብ የዋሸሁት የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በሚመጡት ደብዳቤዎች እህቴ «አማ» ብላ በጻፈች ቁጥር እኔ «አሮጊቷ» እያልኩ አነበብኩ። ሰባት ደብዳቤ። የሁለት ዓመቱ ውል ሊያልቅ አራት ወር ሲቀረው እናቴ የእህቴን አልጋ አስጠገነች፤ ቅቤዋን ለብቻ ማስቀመጥ ጀመረች። ውሉ ሲያልቅ አሠሪዎቹ ቲኬት ቆርጠው ይመልሷታል፤ ሕጉ እንደዚያ መሆኑን እኔው ነኝ አንብቤ የነገርኳት። ለመስከረሙ በዓል ትደርሳለች ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች። የቀራት ነገር መምጣቷን መስማት ብቻ ነበር።

እንግዲህ ያን እሑድ ደብዳቤው ይህ ነበር።

«ውድ እናቴ» ብዬ ጀመርኩ። ሰላምታውን ጨረስኩ። ከዚያ አሮጊቷ መታጠቢያ ቤት ወድቃ የዳሌ አጥንቷ እንደተሰበረ፣ ሐኪሞች ብረት እንዳስገቡላት፣ አሁን መነሳት እንደማትችል ጽፋለች። ልጇ፣ ማለት አሠሪዋ፣ መኖሪያ ፈቃዷን አሳድሶ ለአንድ ዓመት እንድትቆይ ለምኗታል። «መምጣት እችል ነበር፤ ቲኬቱን እቆርጣለሁ ብሎኛል። እኔ ነኝ የፈረምኩት። ይቅር በይኝ» ይላል።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። አክስቴ፣ «ምን አለች? ትመጣለች አይደል?» አለች።

«አትመጣም» አላት አባቴ ጮክ ብሎ።

«መቼ?»

«አትመጣም ነው የምልሽ!»

እናቴ ወደ እንግዳዋ ዞረች። በገበያ የለመደችው አማርኛ ቀስ ያለ ነው፤ ግን የምትፈልገውን ትናገርበታለች። «የኔ ልጅ፣ አንቺ እዚያው ነሽ። አስገድደዋት ነው? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ኧረ አላስገደዷትም እማማ። የእኔዋ ማዳም ብትሆን እኮ በማግስቱ ነበር ሻንጣዬን ይዤ የምሮጠው» አለች እንግዳዋ። ሳቂታ ልጅ ናት፤ የመጣውን ነገር ለማቅለል የፈለገች ይመስለኛል። «እሷ ልትተዋት አልቻለችም። ሴትየዋ ከእሷ እጅ ካልሆነ አትበላም። ደግሞ እሷም ሴትየዋን አማ እያለች ነው የምትጠራት። በደረጃው ላይ ሁሉ ይሰማል፤ አማ፣ አማ! እኛም ቤት እንደዚያ ስለሆነ የምንለው፣ መጀመሪያ ስሰማ ከአገር እናቷ የመጣች መስሎኝ ወጥቼ አይቻለሁ።»

አክስቴ፣ «ማን መጣች?» አለች።

እናቴ እኔን አየችኝ። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ተጽፎ ነበር?»

«ተጽፎ ነበር።»

«አምጣቸው።»

ደብዳቤዎቹ በእናቴ ሳጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው ነው የሚቀመጡት። አመጣኋቸው። «ከመጀመሪያው ጀምር። ምንም አትዝለል» አለችኝ። አባቴ፣ «እንግዳ አስቀምጠን?» ሊል ሞከረ፤ «እንግዳዋ ልጄን ያየች ናት፣ ትስማ» አለችው። እኔም አነበብኩ። ሠላሳ አንድ ደብዳቤ ነበር፤ ሁሉንም አላነበብኩም፣ የዘለልኩባቸውን ሁሉ ግን አነበብኩ። ቃሏ በመጣች ቁጥር ድምፄ ይቀንሳል፤ እናቴ፣ «አሰማ» ትለኛለች። አንዱ ደብዳቤ ላይ እህቴ፣ «ዛሬ አማን አጥቤ ጸጉሯን ስሠራላት፣ ያንቺን ጸጉር አንድም ጊዜ ሠርቼልሽ እንደማላውቅ አሰብኩ» ብላ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ነበር የዘለልኩት፤ ቃሏን ብቻ አውጥቼ ማንበብ ስላቃተኝ።

ስጨርስ እናቴ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። አክስቴም በትሯን ይዛ ተከተለቻት። እኛ ሦስታችን ቀረን።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለች እንግዳዋ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አባባ፣ በጌታ፣ አላወቅሁም።»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አላት አባቴ። «የከምባታ ሰው እውነት ሲናገር ዛሬ ገና ሰማሁ፤ በእሱ ነው የደነገጥነው።»

እያለቀሰች ሳቀች። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ግን አልሳቀም። «ለእናትህ ትንሽ ትንሽ እየቆረጥክ የምትሰጣት ማን አድርጎህ ነው?» አለኝ።

ምናልባት ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ሲመለሱ የእናቴ እጅ አፈር ነክቷል። ዱካዋ ላይ ተቀመጠችና እንግዳዋን ጠየቀቻት።

«ያቺ ሴትዮ ስንት ወልዳለች?»

«አራት። አንዱ ብቻ ነው እዚያ ያለው፤ እሱም ማታ ማታ ነው የሚገባው። ሦስቱ ውጭ ናቸው። በስልክ ያዩአታል።»

«በስልክ» አለች እናቴ። «ታዲያ የኔ ልጅ ባትጠራት ማን ይጠራታል?» አለች። ለማን እንደተናገረች አላወቅሁም። «የተሰበረው በየትኛው በኩል ነው?»

«በግራ።»

«አንቺ መቼ ነው የምትመለሺው?»

«ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ።»

«ይደርሳል» አለች።

ምን እንደሚደርስ የገባኝ በማግስቱ ነው። በእኛ አገር አጥንት ለተሰበረ ሰው የሚሰጥ ለብቻው የሆነ የእንሰት ዓይነት አለ፤ በየጓሮው አይገኝም፣ እኛ ጋ ሁለት ነበሩ። እናቴ ሰኞ ጎረቤት ሴቶችን ጠርታ አንዱን አስቆረጠች። ፋቁት፣ ጨመቁት፤ ውኃው ሲጠል ከሥር የሚቀረውን ነጩን ቡላ በጨርቅ ላይ አድርጋ ራሷ አደረቀችው። ዝናብ በመጣ ቁጥር እየሮጠች ታስገባለች። ሴቶቹ፣ «ለማን ነው?» ሲሏት፣ «ዮርዳኖስ ያለች አንዲት ሴት ወድቃብኝ» ትላለች። የቀረውን አልተናገረችም።

ደብዳቤውን ያስጻፈችኝ በሚቀጥለው እሑድ ነው። «ያልኩህን ብቻ ጻፍ። ቆንጆ እንዲሆን አልፈልግም» አለችኝ። ቅጂው እኔ ጋ አለ፤ እንዲህ ይላል።

«ልጄ። አልመጣም ስትይ ተቆጥቻለሁ፤ አልጋሽን አስጠግኜ ነበር። እስካሁን አልበረደልኝም። የአባትሽን እናት አራት ዓመት ያነሳሁ ያስተኛሁ እኔ ነኝ፤ አንቺ ትንሽ ነበርሽ፣ አታስታውሺም። ስለዚህ ስሚኝ። በአንድ ጎን ብዙ አታስተኚያት፤ ቶሎ ቶሎ አገላብጫት፤ ሐኪሙ በዚህ አትተኛ ያለው ጎን ካለ ግን እሱን ስሚ። ስታገላብጫት በጉልበቶቿ መሃል ትራስ አድርጊ። አንሶላውን ከሥሯ አትጎትቺ፣ ቆዳ ይልጣል፤ አንስተሻት ነው የሚወጣው። ተረከዟንና ወገቧን በየቀኑ እዪ። የቀላ ካየሽ አትሺው፣ እንዳይጫንበት ብቻ አድርጊ። ለጉልበትሽ ብለሽ በወገብሽ አታንሺ፤ ጎንበስ ስትዪ ጉልበትሽን እጠፊ፤ የእኔ ወገብ የተበላሸው በዚያ ነው። ቡላውን በወተት አቅጥነሽ አብስዪው፤ ቅቤ አታብዢ፣ የተኛ ሰው ሆድ አይችልም። ለሷ ንገሪያት፣ ከሌላ ሴት የተላከልሽ ነው በያት። አማ ስላልሻት አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው። ግን አንዴ ጠርተሻታል፤ የጠሩትን ሰው ጥለው አይሄዱም። እኔን ግን ደብዳቤ ላይ ውድ እናቴ አትበይኝ። ውድ እናቴ ማን እንደሆነች አላውቃትም። እሷን እንደምትጠሪያት ጥሪኝ።»

እንግዳዋ ልትመለስ ጥቂት ቀን ሲቀራት እንደገና ወደ እኛ መጥታ ቡላውን በሁለት ላስቲክ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ በልብስ መሃል አስገባች። በአዲሎ በኩል ወደ ሺንሺቾ የሚያልፍ መኪና አገኘችና እናቴ እስከ መናኸሪያው ሸኘቻት።

መልሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ከዚህ በፊት ያልነበረው ነገር ከላይ ያለው የመጀመሪያው መስመር ነው፤ «አማ» ይላል፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያ ባዶ። ሰላምታ የለም። ቀጥላ፣ አገላብጫታለሁ፣ ትራስ አድርጌላታለሁ፣ ተረከዟ ደህና ነው፤ ቡላውን መጀመሪያ ተፋችው፣ ስኳር ሳደርግበት በላች ይላል። እናቴ፣ «ስኳር? በቡላ ላይ?» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ቀኑን ሙሉ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ነገረች። ስለ ላሟ፣ ስለ ማሳው፣ ስለ እኛ ግን እህቴ ምንም አልጠየቀችም። እናቴም አንብቤ ስጨርስ፣ «ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው። ምንም አልዘለልኩም።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ወረቀቱን ወሰደች፤ እኔም ጣቷን ይዤ ያችን የመጀመሪያ መስመር አሳየኋት። አንድ ዓመቱ አሁን ተጋምሷል። ከዚያ በኋላ ትምጣ አትምጣ እናቴ አትጠይቅም፤ እኔም አልጽፍም።

ያን እሑድ የነበርነውን ሁላችንንም ከላይ ቆጥሬያለሁ። የጻፍኩት እኔ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው። እናቴ ጓሮ በወጣችበት ግማሽ ሰዓት የሆነውን አላውቅም። አክስቴ አብራት ነበረች፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄያት፣ አንዱን ጊዜ አልሰማሁህም አለችኝ፣ ሌላውን ጊዜ ሰምታ ዝም አለች። አባቴም ከመደቡ በኩል በመስኮቱ ሊያይ ይችል ነበር። የሺንሺቾዋ እህታችን ደግሞ መናኸሪያ ድረስ ከእናቴ ጋር ሁለቱ ብቻ ሄደዋል፤ ምን እንዳለቻት፣ ለእህቴ በአፏ የላከችላት ነገር ካለ፣ እሷ ናት የምታውቀው። ይህን የምታነቡት እናንተ ሦስታችሁ፣ ያጎደልኩትን ንገሩኝ። እንዳላችሁት እጽፈዋለሁ።